አስር አክሲዮን ለመሸጥና ሁለት መቶ ለመሸጥ፦ ሀ ይሻላል ወይስ ለ?

የቀፊራ ነጋዴ አክሲዮን ሲገዛ የትርፍ ድርሻውን ብቻ አይቶ ቢገዛ አያዋጣውም። ዕቃ መጥቶ ጥሬ ብር ሲፈልግ፣ አክሲዮኑ ዋጋው ሳይወድቅ ይሸጥለታል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መልሱን ከወሬ ሳይሆን ከቁጥር መፈለግ ይቻላል።

ሁለት አክሲዮኖችን ለምሳሌ እንፍጠር። ሀ ላይ ገዢ 998 ብር ይሰጣል፣ ሻጭ 1,002 ይጠይቃል። ልዩነቱ 4 ብር ብቻ ነው። ለ ላይ ገዢ 990፣ ሻጭ 1,010 ነው። ልዩነቱ 20 ብር ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ ሀ!» ይላል።

ቆይ፣ አትቸኩል። በ998 ብር የሚገዛው ሰው የፈለገው 10 አክሲዮን ብቻ ቢሆንስ? ቀጣዩ ገዢ በ975 ብር 40 ይፈልጋል፣ ከእሱ በታች ያለው በ940 ብር 150። አሁን 200 አክሲዮን በአንዴ «በገበያው ዋጋ ሽጥልኝ» ብለህ ደላላውን አዘዝከው እንበል። የምታገኘው 189,980 ብር ነው፤ አንዱ በአማካይ 950 ገደማ ወጣ ማለት ነው። ለ ላይ ግን በ990 ብር 150፣ በ988 ብር ደግሞ 200 የሚገዙ ተሰልፈዋል። እዚያ 200ውን ብትሸጥ 197,900 ብር ይደርስሃል። ልዩነቱ ጠባብ የነበረው ሀ ወደ 8,000 ብር በላብህ! (የደላላ ኮሚሽን ገና አልተነሳም።)

የግብይት መጠኑም እንዲሁ ያታልላል። ሁለቱም ባለፉት 20 የገበያ ቀናት በአማካይ በቀን 500 አክሲዮን ተገበያይተዋል እንበል። ቀን በቀን ስታየው ግን ሀ በአንድ ቀን ብቻ 9,000 ተሽጦበታል፤ አንድ ትልቅ ባለአክሲዮን ለሌላው ሲያስተላልፍ ሊሆን ይችላል። የቀሩት 19 ቀናት ተደምረው 1,000 ብቻ ናቸው፣ በቀን 53 አይሞሉም። ያንተ 200 እዚያ የአራት ቀን ገበያ ነው። ለ ላይ ግን በየቀኑ ከ300 እስከ 700 ይሸጣል። ስለዚህ አማካዩን ተወውና ቀናቱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረህ መሃል ላይ ያለውን እይ።

እንደኔ፣ ብዙ ይዞ ድንገት ብር ሊያስፈልገው ለሚችል ሰው ለ ይሻለዋል። እሱም ቢሆን 200ውን በአንዴ ከማፍሰስ 50፣ 50 እያለ በአራት ቀን ቢያወጣው ገበያውን አይጫነውም። ዝቅተኛ ዋጋ ወስኖ ማዘዝም ይቻላል፤ ዋጋው ካልመጣ ግን አክሲዮኑ ሳይሸጥ ያድራል። አስር አክሲዮን ብቻ ላለው ግን ሀ ይሻላል። ለ ላይ 990 ሊሸጥ የነበረውን እዚህ 998 ያገኝበታል።