«ማመልከቻሽን እኛ እንልካለን» የሚል ደላላ፦ ወደ ብሪታንያ ለምታመለክቱ ነርሶች

ለነርሶች «የእንግሊዝ ፓኬጅ» የሚሸጡ ሰዎች አሉ። የማመልከቻ ኢሜይሉን ጽፈው ለሆስፒታሎች እንደሚልኩ፣ የፈቃድ ዕውቅናውንና የሰነድ ማጣራቱንም እንደሚጨርሱ ይናገራሉ። እባካችሁ አትክፈሉ።

የመጀመሪያው ችግር ላኪው ራሱ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ከፍተኛ የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። የብሪታንያ የምልመላ ደንብ እነዚህን አገሮች በቀይ መድቧቸዋል፤ አሠሪም ሆነ ኤጀንሲ ከዚያ ነርስ ፈልጎ መመልመል አይፈቀድለትም። ነርሷ በራሷ፣ ያለ ሦስተኛ ወገን ብታመለክት ግን ይቻላል። ደላላው ኢሜይሉን ሲልክላችሁ ይህንኑ ቀጥተኛ ማመልከቻ ያበላሽባችኋል።

ሁለተኛው ኢሜይሉ ውስጥ የሚያስገቡት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ፈቃዴ በኤንኤምሲ ዕውቅና አግኝቷል፣ ሰነዶቼም ተጣርተዋል።» ኤንኤምሲ፣ ማለትም የብሪታንያ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት፣ የኢትዮጵያን ፈቃድ እንዳለ አይቀበልም። ትምህርታችሁን ይገመግማል፤ የፈቃዳችሁን ማረጋገጫ ደግሞ ከሰጣችሁ አካል በቀጥታ ይጠይቃል። በደላላ እጅ ያለፈ ወረቀት፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማጣራት አይባልም። ከዚያ በኮምፒውተር የሚሰጠው ሲቢቲ አለ፤ የተግባር ፈተናው ኦስኪ ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ ብቻ ይሰጣል። እነዚህን አልፋችሁ የምዝገባ ቁጥር እስክታገኙ ድረስ «ሬጂስተርድ ነርስ» ነኝ ማለት በሕግ የተከለከለ ነው። መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ ቀጣሪው ስማችሁን ፈልጎ ሲያጣው ውሸቱ ወዲያው ይገለጣል።

ሲቢቲ ገና ያለፈች ነርስ እንዲህ ብትጽፍ ይበቃታል፦ «በኢትዮጵያ ፈቃድ ያለኝ ነርስ ነኝ። ሲቢቲ ሁለቱንም ክፍል አልፌአለሁ፤ የአይኤልትስ ውጤቴ ተያይዟል። የኤንኤምሲ ግምገማዬ በሂደት ላይ ነው፤ ኦስኪ ገና አልወሰድኩም።» ቀኖቹን ጨምሩ፤ ከራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። መልሱ ከሆስፒታል ነው ከተባለም የላኪውን አድራሻ ጨርሳችሁ አንብቡት፦ የመንግሥት ሆስፒታሎች ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ በ nhs.uk ወይም በ nhs.net ያልቃል።

«ሲቢቲውን እናሳልፍሻለን» ከተባለ ጉዳዩ ይከፋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ኢባዳን ባለ አንድ የፈተና ማዕከል አጠራጣሪ ውጤቶች ተገኝተው፣ ኤንኤምሲ እዚያ የተፈተኑትን እንደገና እንዲፈተኑ አድርጓል። የተጭበረበረ ሰነድ ደግሞ የባሕርይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ምዝገባም ያስከለክላል።

ሥራ አገኘሁልህ ብሎ ከእጩ ገንዘብ መቀበል በብሪታንያ ሕግ ለኤጀንሲ የተከለከለ ነው። የፈተናና የምዝገባ ክፍያ በራሳችሁ አካውንት ይከፈላል።

ቀድማችሁ ከከፈላችሁ የኤንኤምሲ አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ዛሬውኑ ጠይቁ። በደላላው ከሆነ፣ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ለኤንኤምሲ በቀጥታ ጻፉና አድራሻው ወደ እናንተ እንዲቀየር ጠይቁ፤ በስማችሁ የተጫኑትንም ሰነዶች አንድ በአንድ ተመልከቱ። የእናንተ ያልሆነ ካገኛችሁ ኤንኤምሲ ሳይደርስበት ራሳችሁ አሳውቁ።