ሁለት ሽፋን ሠርታ ምርጫውን ለወላጆች የተወች ዲዛይነር፦ ምስጋና እና ጥቆማ

የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርታችንን ማስታወቂያ ለሠራችልን ዲዛይነር በአደባባይ ምስጋና አለብኝ። እንደ እኔ ትንሽ ሥራ ይዛችሁ ኢንስታግራም ላይ የምትደክሙ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ምን እንዳደረገች ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ስሟን እዚህ አልጽፍም። እንዴት እንደምታገኟት መጨረሻ ላይ አለ።

ሥራው ካሩሰል ነበር፤ በጣት እየተገፋ የሚታይ ባለብዙ ስላይድ ማስታወቂያ ማለት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላሉ ወላጆች ልጅን ቤት ውስጥ ፊደል እንዴት ማስጀመር እንደሚቻል ያሳያል። የሚነካው ሰው ወደ መመዝገቢያ ገጻችን ይሄዳል። የውስጡን ስላይዶች ቶሎ ጨረስን። ያጨቃጨቀን ሽፋኑ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚታየው ስላይድ ነው። እኔ «ልጅዎ ከአያቱ ጋር በስልክ ምን ያወራል?» የሚለውን ወደድኩ። ባለቤቴ ደግሞ «231 ፊደል፤ ለልጅ ከየትኛው ይጀመራል?» ይሁን አለች። 33ቱ በ7 ሲባዛ ነው እንግዲህ፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ።

ሌላ ባለሙያ ቢሆን የከፋዩን ሐሳብ ይዞ ሠርቶ ሂሳቡን ይቀበል ነበር። እሷ ግን «ጋሼ፣ እርስዎም እኔም መራጭ አይደለንም። ሁለቱንም እናውጣና ወላጆቹ ይንገሩን» አለችኝ።

እኔ ለየሽፋኑ የተለያየ ፎቶ መርጬ ነበር፤ ለአያቷ ነጠላ የለበሱ እናት፣ ለፊደሉ የፊደል ገበታ። ሁለቱንም መለሰችልኝ። ፎቶውም ዓረፍተ ነገሩም አብረው ከተለዩ፣ አንዱ ሲያሸንፍ ያሸነፈው ፎቶው ይሁን ጽሁፉ በምን ይታወቃል? ስለዚህ አንድ ፎቶ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ የፊደል መጠን፣ ከሽፋኑ በኋላም ያው ስላይዶች። የተለየው ሁክ የሚሉት የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ርዝመታቸውን ሳይቀር አቀራረበችው፣ አንዱ ሁለት መስመር ሌላው አራት መስመር እንዳይሆን።

ቀጥሎ የት እንደሚወጣ ተነጋገርን። ሁለቱንም በየተራ ገጻችን ላይ ብንለጥፋቸውስ አልኳት። ያ ፈተና አይሆንም አለች። ሰኞ የወጣውና ሐሙስ የወጣው በተለያየ ቀን ለተለያየ ሰው ነው የሚደርሰው። ሁለተኛውን የሚያየው ተከታይ ደግሞ የመጀመሪያውን አይቶታል። በዚያ ላይ ተከታዮቻችን ቀድሞም የሚያውቁን ናቸው። እኛ ማወቅ የፈለግነው የማያውቀን ወላጅ ምን ሲያይ ጣቱ እንደሚቆም ነው።

ስለዚህ የኢንስታግራም ማስታወቂያ በሚወጣበት በሜታ አድስ ማኔጀር ውስጥ ባለው የኤ/ቢ ቴስት አወጣችው። ይህ መሣሪያ ሰዉን ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛውን ሽፋን ያየ ሰው ሁለተኛውን አያይም። ሁለቱን ማስታወቂያ ዝም ብሎ አንድ ላይ አስገብቶ በጀት መስጠትም ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ያኔ ግን ሲስተሙ ገና በጠዋቱ ትንሽ የቀደመችውን ይመርጥና ገንዘቡን ወደሷ ያዞረዋል። አንዷ ለብዙ ሺህ ሰው ስትታይ ሌላዋ ለጥቂት መቶ ብቻ ታይታ ትቀራለች። እንዲህ መሆኑን ማወቅ ከባድ አይደለም። የታዩበትን ቁጥር ጎን ለጎን ማየት ነው። በጣም ከተራራቀ ያ ውጤት ውጤት አይደለም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ከሷ በፊት ከማንም አልሰማሁም። የካሩሰል ማስታወቂያ ሲሠራ፣ ብዙ ሰው የወደደውን ስላይድ ሲስተሙ ራሱ ወደ ፊት እንዲያመጣ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። እሱ ካልጠፋ ሽፋን ብለን የሠራነው ሦስተኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሽፋን እየፈተናችሁ ሽፋኑ ሽፋን ካልሆነ ምኑን ፈተናችሁት? እሷ አጠፋችው። ምስልና ጽሁፍ በራሱ እየነካካ «የሚያሻሽለውን» አማራጭም እንዲሁ።

ማስታወቂያው በወጣ ማግስት ስልኬን ከፍቼ አየሁ። የአያቷ 11 ሰው ወደ ገጹ አምጥታለች፣ የፊደሉ 8። ወዲያው ደወልኩላት። «ጋሽዬ፣ ገና ነው» አለች። ቀጥላም በወረቀት ላይ የሚሠራ አንድ ዘዴ አሳየችኝ። ሁለቱን ቁጥር ደምር። የድምሩን ካሬ ሥር አውጣ። በሁለት አባዛ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ካልበለጠ፣ ዕድል ብቻውን ሊያመጣው የሚችል ነገር ነው። 11 እና 8 ሲደመር 19፤ ካሬ ሥሩ ወደ 4.4፤ በሁለት 9 ገደማ። ልዩነቱ 3 ነው። ስለዚህ ምንም አላወቅንም ማለት ነው።

ሙሉ ሳምንት ሳያልፍ አናቆምም አለች። ምክንያቷ ገባኝ። የኛ ሰው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የሥራ ቀን ደግሞ ስልኩን የሚያየው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ብናይ የሳምንቱን ግማሽ ሰው ሳናየው እንቀራለን።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለቱም ሽፋኖች እያንዳንዳቸው ወደ ሦስት ሺህ ሰው ደርሰዋል። የአያቷ 60 ሰው አመጣች፣ የፊደሉ 90። ድምሩ 150፤ ካሬ ሥሩ 12 ከምናምን፤ በሁለት ወደ 24። ልዩነቱ 30 ነው። ይህ በዕድል የመጣ ነው ለማለት ይከብዳል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ታነሳብኛለች። በነገራችን ላይ ይህ ሂሳብ የሚሠራው ሁለቱ ሽፋኖች ለተቀራራቢ ቁጥር ሰው ሲታዩ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ወዲያው «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አያት የሚባል ነገር አይጻፍ» አልኩ። እዚህ ላይም ያዘችኝ። ያወቅነው የፊደሉ ዓረፍተ ነገር ለእነዚህ ወላጆች፣ በዚህ ካሩሰል ላይ የበለጠ ሰው እንዳመጣ ነው። ለምን እንደሆነ አይናገርም። ቁጥሩ ይሁን የሳበው፣ ወይስ የአያቷ ጥያቄ ወላጁን ነካ አድርጎት ይሆን ያለፈው፣ ለብቻው ካልተፈተነ አይታወቅም። ከዚያ ደግሞ የተመዘገቡትን አየን፤ ከአያቷ 5፣ ከፊደሉ 6። የእጇን ዘዴ ተጠቅሜ ራሴ አሰላሁት። ምዝገባ ላይ የትኛው እንደሚሻል ከዚህ ቁጥር መናገር አይቻልም። ሪፖርቷ ላይም ያለ ምንም ማሳመር እንደዚያው ብላ ነው የጻፈችው። ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ለዚህ ነው። «ምዝገባ በሃያ በመቶ ጨመረ» ብላ ብትጽፍ ማንም አይጠይቃትም ነበር።

እንከኗንም ልናገር። ርካሽ አይደለችም፤ የማስታወቂያው በጀትም ከሷ ክፍያ ውጭ ነው። በጀት የሌለው ሰው ሊሠራ የሚችለውን ስጠይቃት፣ በአንድ ካሩሰል ከመወሰን ለብዙ ሳምንታት ሁለት ዓይነት ሁክ እያፈራረቁ ማውጣትና ከተከታይ ውጭ ምን ያህል ሰው እንዳየው መመዝገብ ይሻላል አለች። ቀስ ይላል፣ ንጹሕም አይደለም፣ ግን ጓደኛን «የቱ ያምራል?» ብሎ ከመጠየቅ ይበልጣል። ጓደኛ የሚያምረውን ይነግራችኋል እንጂ የሚያስቆመውን አይነግራችሁም።

አማርኛ አጻጻፏም ንጹሕ ነው፤ ፊደል አይሰበርባትም፣ መስመር መሃል ላይ ቃል አትቆርጥም። አሁን ሁለተኛ ዙር ጀምረናል። የፊደሉ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ 231 የሚለው ቁጥር ያለበትና የሌለበት ሽፋን ነው የሚወዳደረው።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ቀን ላይ ሌላ ሥራ ስላላት የምትመልሰው ማታ ነው። ስትጽፉላት ምን መሸጥ እንደምትፈልጉ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ሽፋኑን አይቶ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉም ንገሯት። መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።