«ወላሂ አይለቅም» የተባላችሁትን ጂንስ በእርጥብ ሶፍት እሹት

ይህን የምጽፈው እጄ ገና ሰማያዊ እንደሆነ ነው። ጂንሱ ላይ አልቆይ ያለው ቀለም ጥፍሬ ስር ሲገባ አልወጣም ብሏል።

ደሴ ፒያሳ ልብስ ገዝታችሁ የምታውቁ ሰውየውን ታውቁታላችሁ። እሱን ባይሆን መሰሉን። በር ላይ ቆሞ «ግቢ የኔ እህት፣ ማየት በነጻ ነው» የሚለው። ዕቃው ሁሉ «ቱርክ» የሆነው። ልትወጡ ስትሉ ደፍ ላይ ጠብቆ የሚጠራችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እንደዚያ ጠርቶኝ ተመለስኩ። 3,200 ያለውን በ2,600 ብር ሰጠኝ። ወፍራም፣ ድርቅ ያለ፣ ጥቁር ሊመስል ምንም ያልቀረው ሰማያዊ ጂንስ ነው።

«ቀለሙ ይለቃል እንዴ?» አልኩት። ይህን መጠየቄን እንኳን ጎበዝ ነኝ።

ከጠረጴዛው ላይ ሶፍት መዘዘ። አጠፈውና ጭኑ ላይ ፈተግ ፈተግ አደረገው። ከዚያ ዓይኔ ስር አመጣው። ንጹህ ነጭ። «አየሽ? ወላሂ አይለቅም» አለኝ። ፌስታል ውስጥ እያስገባልኝ ደግሞ ምክር ጨመረልኝ። «መጀመሪያ ስታጥቢው ሞቅ ባለ ውሃ፣ አንድ እፍኝ ጨውና ትንሽ አቼቶ ጨምረሽ አሳድሪው። ቀለሙን ይቆልፈዋል።»

የማይለቅ ከሆነ ምኑ ነው የሚቆለፈው? ይህን ያኔ አልጠየቅኩም። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ነው የመጣልኝ።

ያለኝን አደረግኩ። እሁድ ጠዋት ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ የእስክሪብቶ ቀለም መስሏል። «ትርፉ ወጣ፣ የቀረው ተቆልፏል» ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ሁለቴ አለቀለቅኩት። ውሃ በወረፋ ነው የሚመጣልን፤ ያለን የጀሪካን ውሃ ነበርና ልቆጥብ ብዬ የእናቴን ነጠላ እዚያው ሳፋ ውስጥ ጨመርኩት። ነጠላውን! ሳወጣው መሐሉ ላይ ሰማያዊ ደመና ተኝቶበታል። እናቴ አልጮኸችም። አይታኝ አይታኝ «ልጄ፣ ነጭና ጥቁር አብሮ የሚታጠበው የት አገር ነው?» አለችኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጂንሱን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሰኞ ስለሆነ ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቷል። ሰውየው ጂንሱን ተቀበለኝ። ገና እርጥብ ነው። ምንም ሳይል አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ አስነካና የእግሩን ጫፍ ሁለቴ አሸው። ጣቱን አነሳ። ሰማያዊ። ለእኔ ሳይሆን አብሮት ለሚሠራው ልጅ አሳየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «የገዛሽው ጂንስ ነው ወይስ ነጠላ? ጂንስ እኮ ይለቃል» አለኝ። ልጁ ሳቀ። ሱሪ ስትለካ የነበረች ልጅም ሳቀች። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሁፍ ደግሞ ከጀርባው ተሰቅሏል።

ያቃጠለኝ ሳቁ አይደለም። ምራቁ ነው። እርጥብ ጣት እውነቱን እንደሚያወጣ ያውቃል ማለት ነው። ቅዳሜ ደረቅ ሶፍት የመረጠው አውቆ ነው።

እውነቱን ለመናገር «ጂንስ ይለቃል» ማለቱ ልክ ነው። የጂንስ ሰማያዊ ቀለም ክሩን እስከ ልቡ ዘልቆ አይገባም። ላዩን ነው የሚለብሰው። የእግሩ ጫፍ ላይ የተረፈ ሰማያዊ ክር ካለ በመቀስ ቁረጡና የተቆረጠበትን እዩት፤ ዙሪያው ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጭ ነው። የላዩ ቀለም በፍትጊያ ሲነሳ ነጩ ብቅ ይላል። ጉልበትና ኪስ ቀድሞ የሚነጣው ለዚህ ነው። ጠቆር ያለ አዲስ ጂንስ መጀመሪያ ሁለትና ሦስት እጥበት ላይ ትንሽ መልቀቁ ያለ ነገር ነው። በአራተኛውም ውሃው ከጠቆረ ግን ሲሠራ ትርፍ ቀለሙ በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ውሸቱ «አይለቅም» ማለቱና ጨው ማለቱ ነው። ጨው ሥራ ያለው ጥጥ ሲነከር ነው፤ አንዳንድ ዓይነት ቀለም ወደ ክሩ እንዲጠጋ ይረዳል። አቼቶ ደግሞ የሱፍና የሐር ቀለም ሲነከር ያግዛል። ተሰፍቶ ያለቀ የጥጥ ጂንስ ላይ ሁለቱም ምንም አይቆልፉም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ማሳደር ደግሞ ጭራሽ ላላ ብሎ የተቀመጠውን ቀለም ያወጣዋል። እኔ ጂንሱን አላጠብኩም፤ እንደ ሻይ ነው ያፈላሁት።

ነጠላው በከፊል ተርፏል። ያተረፈው ሳይደርቅ መያዙ ነው። እንደዚያው ደርቆ ብተኩሰው ኖሮ ማስለቀቁ ይበልጥ ይከብድ ነበር። ብቻውን በቀዝቃዛ ውሃና በዱቄት ሳሙና አራት ጊዜ አጠብኩት፤ በየጊዜው ውሃውን ደፍቼ በአዲስ ቀየርኩ። በረኪና ላደርግበት ሳነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ። ሰማያዊውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ግን ጥለቱን ይዞት ይሄዳል። አሁን በጥላ በኩል ሲያዩት ፈዘዝ ያለ ሰማይ የሚመስል ቦታ ቀርቶበታል። እናቴ «ለቤት ይሆናል» ብላለች። የበዓል ነጠላዋ ነበር።

እንግዲህ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ ሶፍት ከቤት ያዙና ሱቁ ውስጥ በውሃ አርጥቡት። የእግሩን ጫፍ በውስጥ በኩል ገልብጣችሁ ሰማያዊው ላይ አሥር ጊዜ እሹ። ትንሽ ወየብ ካለ ያለ ነገር ነው። ሶፍቱ ሰማያዊ ከሆነ አስቀንሱት ወይ ትታችሁት ውጡ። «እርጥብ አይነካም» የሚል ሻጭ ከሆነ አሁኑኑ ውጡ።

የገዛችሁትን ደግሞ ዚፑን ቆልፋችሁ ገልብጣችሁ እጠቡት። የጂንስ ውስጡ የሚነጣው አግድም የሚገባው ክር ስለማይነከር ነው፤ ሲገለበጥ ፍትጊያው ነጩ ላይ ይወድቃል። ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና፣ ሳይዘፈዘፍ። የደሴ ውሃ እንደሆነ ራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ አሞቃለሁ ብላችሁ አትድከሙ። እንደተገለበጠ ጥላ ላይ ስጡት። ሌላ ጥቁር ልብስም እንዲሁ ነው።

የእኔው አሁን በረንዳው ላይ ተገልብጦ ተሰቅሏል። ሦስተኛ እጥበቱ ነው። ሲሚንቶው ላይ አሁንም ሰማያዊ ጠብ ጠብ ይላል። እናቴ ነጠላዋን ከገመዱ አውርዳ ግቢው ጥግ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሰቅላዋለች።