ለሦስት ቀን መብራት ሲጠፋ፦ የትኛው የውኃ ዕቃ፣ የትኛው ባትሪ ይሻላል?

መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ውኃም አብሮ ይሄዳል፤ ውኃውን የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነውና። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆነውን ዕቃ በአንድ ሒሳብ መግዛት ይሻላል። እዚህ የምናወዳድረው ለአንድ ዓይነት ቤት ነው፦ አራት ሰው፣ ሦስት ቀን ያለ መብራትና ያለ ቧንቧ ውኃ፣ በየቀኑ ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት ስልኮች፣ ማታ ማታ አምስት አምስት ሰዓት የሚበሩ ሁለት ባለ 3 ዋት የኤልኢዲ መብራቶች። የእርስዎ ቤት ከዚህ ከተለየ ቁጥሩን ይለውጡት፤ ስሌቱ ያው ነው።

ውኃ፦ ጀሪካን፣ ባለቧንቧ ባልዲ ወይስ በርሜል?

ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብንይዝ ለአራት ሰው በሦስት ቀን 48 ሊትር ይሆናል። ለእጅ፣ ለዕቃ ማጠቢያና ለመጸዳጃ ቤት ደግሞ ቆጥበው ቢጠቀሙ እንኳ በሰው በቀን 10 ሊትር፣ በድምሩ 120 ሊትር ያስፈልጋል። እነዚህን ሁለት ውኃዎች መለየት ከዕቃው ምርጫ ይቀድማል። አንድ ትልቅ በርሜል ገዝቶ ሁሉንም እዚያ ማስቀመጥ ርካሽና ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ባልታጠበ እጁ ጣሳ ሲነክርበት የተበከለው የሦስት ቀን የመጠጥ ውኃ ሁሉ ነው።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትልቁ ጥቅሙ አፉ ጠባብ መሆኑ ነው። እጅም ጣሳም አይገባበትም፣ ሞልቶም አንድ ጎልማሳ ያነሳዋል። ጉዳቱም ከዚያው ከጠባብ አፉ ይመጣል፦ ውስጡን በእጅ ማሸት አይቻልም። ጣትዎን ከአንገቱ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ሲነኩት የሚያዳልጥ ከሆነ፣ በፕላስቲኩ ላይ የተጣበቀ የረቂቅ ተሕዋስያን ሽፋን አለ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጀሪካን ውስጥ የሚጨመር ክሎሪን ሽፋኑ ላይ እየተጨረሰ ውኃውን ሳይጠብቅ ይቀራል። መፍትሔው የሳሙና ውኃና አንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠር ጨምሮ በደንብ መነቅነቅ ነው። ካለቀለቁት በኋላ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና በጥብጠው ሁሉንም ጎን እስኪነካ ያንቀሳቅሱት፣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ያቆዩት፣ ይድፉትና በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት።

ክዳንና ቧንቧ ያለው ባልዲ ሁለቱንም ችግር ይፈታል፤ ከላይ ሰፊ ስለሆነ ይታሻል፣ ውኃው ደግሞ በቧንቧ ስለሚቀዳ ማንም እጁን አይነክርም። ሲገዙ የሚታየው ቧንቧው ነው። ጎማው በውስጥም በውጭም በኩል መኖሩን ያረጋግጡ። ቧንቧው ከባልዲው ወለል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢገጠም የዘቀጠው ደለል ከብርጭቆው አይገባም። ቤት ሲደርሱ ሞልተው ደረቅ ወረቀት ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ከረጠበ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ብሎን ሳይሆን ከልክ በላይ የጠበቀ ነው፤ ጎማው ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይወጣል። ፈታ አድርጎ ጎማውን ማስተካከልና በእጅ ብቻ ማጥበቅ ይበቃል።

በርሜል ለማጠቢያ ውኃ ጥሩ ነው፣ ግን 200 ሊትር ማለት 200 ኪሎ ነውና ከሞላ በኋላ ቦታ መቀየር አይታሰብም። ያገለገለ በርሜል ሲገዙ ሥሩ ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥርን አይተው ብቻ አይመኑ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ፕላስቲኩ ዓይነት ነው፤ በውስጡ ምን እንደነበረበት አይነግርዎትም። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ቀለም ወይም ነዳጅ የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም።

የጣሪያ ታንከር ላለው ሰው አንድ ምክር፦ ከታንከሩ የሚወርደው ውኃ መብራት አይፈልግም፣ ነገር ግን አንድ የሚያፈስ የመጸዳጃ ቤት ሳጥን በአንድ ሌሊት ብዙ ሊወስድበት ይችላል። መብራት እንደጠፋ የታንከሩን መውጫ ዘግተው፣ በፈለጉ ጊዜ ብቻ ከፍተው ይቅዱ።

እኛ ለዚህ ቤት የምንመርጠው አንድ ባለ 20 ሊትር ባለቧንቧ ባልዲ፣ እሱን የሚሞሉ ሁለት ጀሪካኖችና ለማጠቢያ አንድ በርሜል ነው። ለመጠጥ 60 ሊትር ይኖራል ማለት ነው፣ ከሚያስፈልገው 12 ሊትር ይተርፋል።

ከቧንቧ የመጣውና በክሎሪን የታከመው ውኃ በንጹሕ ዕቃ ተሞልቶ ከተከደነ ሌላ ነገር አይፈልግም። የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ከሆነ ግን፣ ሽታና የልብስ ሳሙና ያልተጨመረበት ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና በሊትር 2 ጠብታ ይጨመራል። ለ20 ሊትር 40 ጠብታ ወይም 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ መርፌው በወጣለት አዲስ ሲሪንጅ መለካት ጠብታ ከመቁጠር ይቀላል። አማስለው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ትንሽ የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ከሌለ ያንኑ መጠን ደግመው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አሁንም ካልሸተተ ያ ውኃ ለመጠጥ አይሁን። የደፈረሰ ውኃ መጀመሪያ ይዘቅጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፣ ከዚያ እጥፍ በረኪና ይጨመርበት፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን ይበላዋልና። ተከፍቶ ብዙ የቆየ በረኪና ኃይሉ ይደክማል። ነዳጅና ኬሚካልን ደግሞ በረኪና አያጠፋም።

የተሞላውን ዕቃ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ከነዳጅ አርቀው ያስቀምጡ፤ የነዳጅ ትነት ፕላስቲክን አልፎ ይገባል። ቀኑን ይጻፉበትና በየስድስት ወሩ ይቀይሩት።

ባትሪ፦ ፓወር ባንክ፣ ፓወር ስቴሽን ወይስ ባትሪና ኢንቨርተር?

ኢንቨርተር የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ ነው፤ ፓወር ስቴሽን ደግሞ ባትሪና ኢንቨርተርን በአንድ ሳጥን የያዘ ነው። ባትሪዎችን ለማወዳደር ሁሉንም ወደ ዋት ሰዓት፣ ማለትም ዋቱ በሚሠራበት ሰዓት ተባዝቶ ወደሚገኘው መለኪያ መለወጥ ግድ ነው። በፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ኤምኤኤች በ3.7 ተባዝቶ ለ1000 ይካፈላል። 20 ሺህ ኤምኤኤች ማለት 74 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን ከፍ ሲያደርግ ከሚባክነው በኋላ 63 ያህሉ ብቻ ይወጣል። ባለ 5 ሺህ ኤምኤኤች ስልክ አንዴ ሲሞላ የራሱን ብክነት ጨምሮ 22 ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ይህ ፓወር ባንክ ስልኩን የሚሞላው አራት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ እንኳ ሳይደርስ ነው።

የእኛ ቤት ሒሳብ እንዲህ ይሆናል። ሁለት ስልክ በቀን 44፣ ሁለት መብራት ለአምስት ሰዓት 30፣ በድምሩ 74 ዋት ሰዓት። በሦስት ቀን 222። ባለ 10 ዋት ራውተር በቀን ለስድስት ሰዓት ከተጨመረ ደግሞ 180 ይጨምራል፣ ጠቅላላው 402 ይደርሳል።

| ዕቃው | በተግባር የሚሰጠው | ያለ ራውተር (222) | ከራውተር ጋር (402) |
|---|---|---|---|
| ባለ 20 ሺህ ፓወር ባንክ | 63 ዋት ሰዓት | አራት ያስፈልጋል | ሰባት፤ አይመከርም |
| ባለ 300 ዋት ሰዓት ፓወር ስቴሽን | 250 ገደማ | ይበቃል | አይበቃም |
| ባለ 500 ዋት ሰዓት ፓወር ስቴሽን | 425 ገደማ | ይተርፋል | ልክ ልኩን ይበቃል |
| 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ | 600 ገደማ | ይተርፋል | በቀጥታ 12 ቮልት ከሆነ ይበቃል |

ፓወር ባንክ ሲገዙ በእጅዎ ይመዝኑት። 20 ሺህ ተብሎ ከ300 ግራም በታች ከሆነ፣ ውስጡ ሊኖሩ የሚገባቸው ሴሎች ክብደት እንኳ አልሞላምና ቁጥሩን አይመኑ። ጀርባው ላይ ትንሽ ሶላር የተለጠፈበትን ስለ ሶላሩ ብለው አይግዙት፤ ያ ስፋት በጥሩ ፀሐይ አንድ ሁለት ዋት ቢሰጥ ነው፣ 74ቱን ለመሙላት ብዙ ቀን ይፈጃል። ከፀሐይ ለመሙላት ከፈለጉ ለብቻው የሚገዛ ባለ 100 ዋት ፓነልና ፓወር ስቴሽን ይሻላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የፓወር ባንክ ጠባይ በራሱ መጥፋቱ ነው። የሚወጣው ኃይል በጣም ካነሰ ቻርጅ የሚያደርገው ነገር የሞላ መስሎት ያቋርጣል። ደብዘዝ ተደርጎ የሚያድር ትንሽ የዩኤስቢ መብራት በሌሊት የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ፓወር ባንክ ለአነስተኛ ዕቃ የሚሆን አሠራር አለው፤ ብዙ ጊዜ ቁልፉን ሁለቴ በመጫን ይበራል፣ ሲገዙ ይጠይቁ።

የአሲድ ባትሪ በዋት ሰዓት ሲሰላ ርካሹ ነው፣ ግን ወጥመዱ ብዙ ነው። 12 በ100 ሲባዛ 1200 ቢሆንም ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር 600 ብቻ ይቆጠራል። ሥራ ላይ ሳይሆን ያረፈ ባትሪ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሽ ላይ ነው፣ ማቆም ይገባል። የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው። ለረጅም አገልግሎት የተሠራውን ዓይነት ይጠይቁ። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚወጣው አየር ባለበት ቦታ ይቀመጥ። ባዶውን ሳምንታት ካቆዩት በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ጠጣር ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ እንደቀድሞው አይሞላም።

ከሁሉ የሚያከስረው ግን ኢንቨርተሩ ነው። ምንም ሳይሰካበት በርቶ ብቻ 15 ዋት የሚወስድ ኢንቨርተር በ24 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይበላል። 74 ዋት ሰዓት ብቻ የሚፈልግ ቤት በዚህ መንገድ በሁለት ቀን ውስጥ 600ውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ስልኩን በ12 ቮልት የመኪና ቻርጀር፣ ራውተሩን (የሚሠራው በ12 ቮልት ከሆነ) ከባትሪው በተገቢ ፊውዝና ቮልቱን በሚያስተካክል ገመድ፣ መብራቱንም በ12 ቮልት አምፖል ማገናኘት ይሻላል። ኢንቨርተሩ የሚበራው ላፕቶፕ በሚሞላበት ሰዓት ብቻ ይሁን።

የእኛ ምርጫ፦ ስልክና መብራት ብቻ ከሆነ ባለ 300 የሊቲየም ብረት ፎስፌት ፓወር ስቴሽንና አንድ ፓወር ባንክ። ራውተር የግድ ከሆነ ወይም መብራት በየሳምንቱ የሚጠፋ ከሆነ የአሲድ ባትሪውን ትቶ 12.8 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ መግዛት ያዋጣል። ከ1000 ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜም ሊሞላና ሊራገፍ ይችላል። ቻርጀሩ ግን ለዚህ ዓይነት ባትሪ የተሠራ መሆን አለበት፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜም አይሞላም። ጄኔሬተር ያለው ሰው ፓወር ስቴሽኑን በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ሊሞላበት ይችላል፣ ነገር ግን ከቤትና ከጋራዥ ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ መሥራት አለበት፤ የሚያወጣው ጭስ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

በገዙበት ቀን ማታ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ይሞክሩት፦ ባትሪውን ሞልተው ሁለቱን መብራት ያብሩ፣ ሁለቱን ስልክ ይሰኩ። ጠዋት መብራቱ ጠፍቶ ወይም ባትሪው ከተሰላው በላይ ወርዶ ካገኙት፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ዕቃውን ወደ ሻጩ ይውሰዱት።