መቁረጥ ወይስ እንደገና መጻፍ? ተመልካች 10ኛው ሰከንድ ላይ ሲሸሽ

ጎንደር የሚገኘውን የፋሲለደስ መዋኛ የሚያሳይ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ሠርቼ ነበር። መክፈቻው «ለጥምቀት ይህን ሁሉ ውሃ ከየት ያመጡታል?» ይላል። በየሰከንዱ ስንት ሰው እያየ እንደቀረ የሚያሳየው የተመልካች ቆይታ መስመር ደህና ሄዶ 10ኛው ሰከንድ ላይ ገደል ገባ።

ጥፋቱን የምፈልገው ግን መስመሩ ከወደቀበት ትንሽ ቀደም ብዬ ነው፤ ሰው ሰምቶ፣ ሰልችቶት እስኪሄድ አንድ ሁለት ሰከንድ ያልፋል። እውነትም 8ኛው ሰከንድ ላይ «ከዚያ በፊት ስለ ንጉሡ ጥቂት እንበል» ብያለሁ። ጠይቄ ሳልመልስ ዞር ማለቴ ነው።

መቁረጥ፦ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ካሜራ አያስነሳም። አደጋው የተረፈው ንግግር ላይ ነው፤ ስለ ንጉሡ ያልኩትን ከቆረጥኩ በኋላ «እሱም» የሚለው ቃል ባለቤት አጥቶ ቀረ።

እንደገና መጻፍ፦ ተመልሶ መቅረጽ ይጠይቃል፤ የጠዋቱ ብርሃን ከከሰዓቱ ጋር ስለማይገጥም ሰዓት መጠበቅም አለ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል። የእኔ መሐል እንዲህ ሆነ፦ «ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይመጣል፤ ገንዳው እስኪሞላ ቀናት ይፈጃል። ይህን ያሠራው ማን ነው?» ንጉሡ አሁን የመጣው ተጠርቶ ነው።

መስመሩ አንድ ቦታ ወድቆ ከዚያ ቀጥ ካለ መቁረጥ ይበቃል። ከ10 እስከ 25ኛው ሰከንድ ያለማቋረጥ ከተንሸራተተ ግን መሐሉ ራሱ ታሟል፤ ይጻፍ። ተመልካቾቹ ጥቂት ደርዘን ብቻ ከሆኑ ሁለቱንም አልነካም፤ የሁለት ሰው መሄድ መስመሩን ያናውጠዋልና።