ባዶ ባር ላሸከመኝ አሰልጣኝ

ይህን የምጽፈው ገርጂ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ጂም ውስጥ የሚያሠራ ልጅ ምስጋና ስላለብኝ ነው። ልጅ ያልኩት በዕድሜ ስለምበልጠው ነው እንጂ ሥራው የልጅ አይደለም።

ባለፈው ክረምት የሳንባ ምች ይዞኝ 9 ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። ከወጣሁ በኋላም ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት መሃል ላይ ቆሜ አየር መሳብ ነበረብኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከጂም 4 ወር ራቅኩ። ከመታመሜ በፊት 100 ኪሎ ተሸክሜ 8 ጊዜ ስኳት፣ ማለትም ቁጭ ብድግ፣ እሠራ ነበር። ሰውነቴ ቢከሳም ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ይኸው 100 ነው።

ልጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ኪሎ አይደለም። «ጋሼ፣ ሐኪምዎ ምን አሉ?» አለኝ። አልጠየቅኳቸውም ስለው የወር ክፍያዬን ሳይቀበል መለሰኝ። ተናድጄ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ሳንባዬን አዳምጠው፣ ራጅ አይተው ቀስ ብለህ ጀምር ሲሉኝ ነው የተመለስኩት።

የመጀመሪያው ቀን ባዶውን ባር፣ 20 ኪሎውን፣ አሸከመኝ። ቀጥሎ በግራና በቀኝ 10፣ 10 ጨመረና 40 አደረገው። 8 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ አለቀ። ላብ እንኳ በቅጡ አልወጣኝም። ብሬን ሊበላ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። መለኪያው ግን ግልጽ ነበር፦ ባሩን ስመልስ «አራት ጊዜ ይጨመርልኝ ብል እችላለሁ» የሚል ስሜት ሊኖረኝ ይገባል። ከሌለኝ በዝቷል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በመሃሉ ቢያንስ ሁለት ቀን እረፍት።

ዝም ብዬ የታዘዝኩት ቀደም ሲል ስለተቃጠልኩ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ጂም፣ ከ3 ወር እረፍት በኋላ፣ በመጀመሪያው ቀን እግር ሙሉ ፕሮግራም ሠራሁ። የሚያሠራኝ ሰው «ጎበዝ፣ ጨምር!» ይላል፣ እኔም እጨምራለሁ። በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። በሦስተኛው ሽንቴ ኮካ ኮላ መሰለ። ክሊኒክ ስሄድ ጡንቻዬ ከልክ በላይ ተጎድቶ ይዘቱ ወደ ደም እንደገባና ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል ነገሩኝ። ጉሉኮስ ተሰቅሎልኝ አደርኩ። የተለመደው የጡንቻ ሕመም በሁለት ሦስት ቀን እየለቀቀ ይሄዳል። እየባሰ ከሄደ፣ እግሩ ካበጠ ወይም ሽንት ከጠቆረ ግን ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት 50፣ ሦስተኛው 60 ሆነ። እዚህ ላይ ነው ልጁን ያደነቅኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቴ ሲመለስ ታወቀኝ፣ 60ው ቀለለኝ። «80 እናድርገው» አልኩት። አራተኛውንም ሳምንት 60 ላይ አቆየኝ፤ አንድ ዙር ብቻ ጨመረ። «ጡንቻዎ የለመደውን ቶሎ ያስታውሳል፣ ጅማትዎ ግን ቀርፋፋ ነው» አለኝ። ጡንቻው ዝግጁ ነኝ ሲል ጅማቱ ገና ስለሆነ፣ ጉልበትና ትከሻ የሚያመው ብዙ ጊዜ እንዲህ ቀለለኝ ባልንበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት 5 ኪሎ ብቻ።

ትንፋሼን የሚለካው በወሬ ነበር። ትሬድሚል ላይ በእርምጃ እያስኬደኝ ስለ ቡናና ጊዮርጊስ ጨዋታ ያስለፈልፈኛል። ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትንፋሼ ከተቆረጠ ፍጥነቱን ይቀንሳል። (እሱ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ ይህ ብቻ ነው ጉድለቱ።)

ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳም የልብ ምቴን እንድቆጥር አስለመደኝ። ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ፣ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ በሁለት ማባዛት። የእኔ 64 አካባቢ ነው። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት 78 ሆነ። ምንም አላመመኝም፣ ስለዚህ ሄድኩ። ቁጥሩን ስነግረው «ዛሬ ባር አንነካም ጋሼ» ብሎ 15 ደቂቃ በዝግታ አራምዶ ሸኘኝ። ማታውኑ ጉንፋን ጣለኝ። ከዳንኩ በኋላም ካቆምንበት ሳይሆን አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰን ጀመርን።

100 ኪሎዋን በአሥራ አምስተኛው ሳምንት አገኘኋት። 8 ሳይሆን 5 ጊዜ። ስድስተኛውን ልሞክር ስል ባሩን ይዞ መለሰው።

ከሕመም ወይም ከረጅም እረፍት በኋላ ጂም የምታስቡ፣ ስልኩን ለመስጠት ስላስፈቀድኩት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ማታ ማታ ይጨናነቃል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይሻላል። የሐኪም ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ እንደኔ ይመልሳችኋል።