ኤፕሲሎን ይቅደም ወይስ መክፈል? ወደ ቾምስኪ ኖርማል ፎርም የሚወስዱ ሁለት መንገዶች በዋጋ ሲነጻጸሩ

«ግራመሬን ወደ ቾምስኪ ኖርማል ፎርም ልቀይር ነው፣ ከየቱ ልጀምር?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አንዱ አሳይንመንት አለበት። ሌላው ለአማርኛ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ፓርሰር እየሠራ ነው። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ከምጽፍ እዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ኖርማል ፎርሙ ራሱ ምን እንደሆነ አላብራራም። እዚህ የደረሰ ሰው ሕጎቹ ወይ `A -> B C` ወይ `A -> a` ብቻ መሆን እንዳለባቸው ያውቃል። ጭቅጭቁ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ በአብዛኛው በክፍል ውስጥ የምንማረው ነው። መጀመሪያ ባዶ የሚሰጡትን ኤፕሲሎን ሕጎች ማጥፋት፣ ቀጥሎ ዩኒት ሕጎችን (`A -> B` ዓይነቶቹን) ማጥፋት፣ በመጨረሻ ረጃጅሞቹን ሕጎች ለሁለት ለሁለት መክፈል። ሁለተኛው መክፈሉን ወደ ፊት ያመጣዋል። መጀመሪያ ይከፍላል፣ ከዚያ ኤፕሲሎን፣ ከዚያ ዩኒት። ሁለቱም በትክክል ከተሠሩ የሚቀበሉት ቋንቋ አንድ ነው። የሚለያዩት በዋጋ ነው፤ እኔም ሳልደብቅ የሁለተኛው ደጋፊ ነኝ።

ዋጋ የምለው የሕጎቹን ብዛት ነው። ይህን ፎርም ይዞ ዓረፍተ ነገር የሚተነትነው የሲዋይኬ አልጎሪዝም የሚፈጀው ጊዜ በዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ኪዩብ እና በግራመሩ መጠን ብዜት ያድጋል። ስለዚህ ትርፍ ሕግ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ሒሳብ አይደለም። ፓርሰሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ባየ ቁጥር ትከፍሉታላችሁ።

ሒሳቡን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንየው። «ትናንት አልማዝ ከመርካቶ ጫማ ገዛች» የሚለውን ውሰዱ። ጊዜ፣ ባለቤት፣ ቦታ፣ ተሳቢ፣ ግስ አለው። ነገር ግን «ገዛች» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ከግሱ በቀር ሁሉም ሊቀር ይችላል። ቅደም ተከተሉ አይዛባ ብለን እናቅልለው። T ጊዜ፣ A ባለቤት፣ P ቦታ፣ O ተሳቢ፣ V ግስ ናቸው።

```
S -> T A P O V
T -> t | ε
A -> a | ε
P -> p | ε
O -> o | ε
V -> v
```

አሥር ሕጎች ናቸው። በመጀመሪያው መንገድ እንሂድ። ባዶ መሆን የሚችሉት T፣ A፣ P እና O ናቸው። ኤፕሲሎንን ለማጥፋት የ`S` ሕግ እነዚህ አራቱ ሲኖሩና ሲቀሩ በሚኖረው ቅርጽ ሁሉ መጻፍ አለበት። አራት አማራጭ ማለት 16 ቅርጽ ነው። ከ16ቱ አንዱ `S -> V` ስለሆነ በዩኒት ደረጃ `S -> v` ይሆናል። እስካሁን ከእነ`T -> t` ጋር 21 ሕግ አለን፤ ብዙም አያስደነግጥም። ሒሳቡ የሚመጣው መክፈል ሲጀመር ነው። ሦስት ርዝመት ያላቸው ስድስት ሕጎች እያንዳንዳቸው ሁለት ይሆናሉ። አራት ርዝመት ያላቸው አራቱ ሦስት ሦስት ይሆናሉ። ሙሉው ደግሞ አራት ይሆናል። ሲደመር 38 ሕግ እና 17 አዲስ ቫሪያብል።

አሁን በሁለተኛው። መጀመሪያ እንክፈል፦

```
S  -> T X1
X1 -> A X2
X2 -> P X3
X3 -> O V
```

ከዚህ በኋላ ኤፕሲሎንን ስናጠፋ እያንዳንዱ ሕግ አንድ ተጨማሪ ብቻ ይወልዳል። `S -> X1`፣ `X1 -> X2`፣ `X2 -> X3`፣ `X3 -> V`። ሁሉም ዩኒት ናቸው። እነሱን ስናጠፋ የሚቀረው ይህ ነው፦

```
X3 -> O V | v
X2 -> P X3 | O V | v
X1 -> A X2 | P X3 | O V | v
S  -> T X1 | A X2 | P X3 | O V | v
```

14 ሕግ ነው፤ አምስቱ የቃል ሕጎች (`T -> t` እና ወንድሞቹ) ሲጨመሩ 19። አዲስ ቫሪያብል ሦስት ብቻ። 38 ለ19 ማለት ግማሽ ዋጋ ነው።

ግማሽ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አማራጮቹን ወደ አሥር ከፍ አድርጓቸው፤ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መሣሪያ፣ ምክንያት ስትጨምሩ ቶሎ ይደርሳል። የመጀመሪያው መንገድ 5,132 ሕግ ያስከፍላል። ሁለተኛው 76። ሃያ ሲሆን የመጀመሪያው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሲገባ ሁለተኛው 251 ላይ ይቆማል። ተመራማሪዎቹ ማርቲን ላንገ እና ሃንስ ላይስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ኤፕሲሎንን ከመክፈል በፊት ማጥፋት ግራመሩን በኤክስፖኔንሻል ሊያሳብጠው ይችላል። መክፈሉ ከቀደመ ግን እብጠቱ ቢበዛ በካሬ ነው፣ እሱም የሚመጣው ከዩኒት ደረጃው ነው። ከላይ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያለ ሲወጣ ያያችሁት መሰላል ያ ካሬ ነው።

እዚህ ላይ ብልጥ ሰው ይነሣና «ስከፍል ተመሳሳይ ጭራዎችን ባጋራስ?» ይላል። ትክክል ነው፣ `O V` የሚል ጭራ ያላቸውን ሁሉ ለአንድ ቫሪያብል ከሰጣችሁ ሒሳቡ በጣም ይወርዳል። ችግሩ እነዚያን ሁሉ ቅርጾች መጀመሪያ መውለድ አለባችሁ። ሚሊዮን ሕግ ሜሞሪ ላይ አፍስሶ በኋላ መልቀም ምን ይሉታል?

ከዋጋው በላይ ግን እኔን ወደ ሁለተኛው የገፋኝ የጥገና ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ኮድ አብዛኛው የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላል፣ ከእጅ ወደ እጅም ሲቀዳ እየተበላሸ ይሄዳል። ደጋግሜ የማየው ብልሽት ይህ ነው፦

```
"D N D N V".replace("D ", "")
```

`D` ቅጽል ነው እንበል፣ ሊቀር የሚችል። ዓረፍተ ነገሩ «ጎበዟ ልጅ ቀይ ጫማ ገዛች» ነው። ይህ መስመር ሁለቱንም `D` በአንዴ ያጠፋና `N N V` ይሰጣችኋል። ስለዚህ «ጎበዟ ልጅ ቀይ ጫማ ገዛች» ያልፋል፣ «ልጅቷ ጫማ ገዛች» ያልፋል፣ «ጎበዟ ልጅ ጫማ ገዛች» ግን ይወድቃል። አንዱ ቅጽል ብቻ የቀረበት ቅርጽ ስላልተወለደ ነው። ይህ ባግ ክፉ የሚሆነው ሙሉውንና አጭሩን ብቻ ለሞከረ ሰው ስለማይታይ ነው። መክፈል ከቀደመ ሁለቱ `D` በሁለት የተለያዩ ሕጎች ውስጥ ይገባሉ። ማበላሸት ቢፈልጉ እንኳ አይመችም።

ሌላው የተለመደ ብልሽት ዩኒትን ከኤፕሲሎን በፊት ማጥፋት ነው። ከላይ እንዳያችሁት `S -> V` መጀመሪያ አልነበረም፤ የወለደው ኤፕሲሎን ማጥፋት ነው። ዩኒቱን አስቀድሞ ያጸዳ ኮድ ይህን አያየውም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች ይተነተናሉ፣ «ገዛች» ብቻውን ሲገባ ግን ፓርሰሩ አይቀበለውም። ይህን ምልክት ካያችሁ ሌላ ቦታ አትቆፍሩ።

ሦስተኛው ብልሽት ፕሮግራሙ ሲንጠለጠል የሚታየው ነው። `A -> A B` የሚል ሕግ ካለና `B` ባዶ መሆን ከቻለ `A -> A` ይወለዳል። `A -> B` እና `B -> A` አብረው ሲኖሩም እንዲሁ ነው። ዩኒት ባገኘ ቁጥር የሚተካ ኮድ እዚህ ይሽከረከራል። ጥገናው መጀመሪያ ማን ከማን በዩኒት እንደሚደረስ ዝርዝሩን አስልቶ መጨረስ፣ ከዚያ ዩኒት ያልሆኑትን ሕጎች አንዴ መቅዳት ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም መንገዶች እኩል ይጠቃሉ።

የምደግፈውም የራሱ ወጥመድ አለው፣ አልሸፍነውም። ባዶ መሆን የሚችሉትን ዝርዝር ማስላት ያለባችሁ ከተከፈለ በኋላ ነው። `L -> T A P` ቢኖርና ሦስቱም ሊቀሩ የሚችሉ ቢሆኑ፣ ሲከፈል `L -> T X` እና `X -> A P` ይሆናል። አሁን `X` ራሱም ባዶ መሆን ይችላል። ዝርዝሩን ከመክፈል በፊት ያሰላ ሰው `X`ን አያውቀውም፣ ስለዚህ `L -> T` አይወለድም፣ ጊዜ ብቻ ያለው ሐረግ ይጠፋል። ዝርዝሩም አዲስ ነገር መጨመር እስኪያቆም ድረስ በዙር መሰላት አለበት። አንድ ዙር ብቻ የሚሄድ ኮድ የሕጎቹ ቅደም ተከተል ሲቀየር ውጤቱ ይቀየራል።

ባዶው ዓረፍተ ነገር ራሱ የቋንቋው አባል ከሆነ ደግሞ አዲስ መነሻ `S0` አድርጉና `S0 -> ε`ን ለእሱ ብቻ ተዉለት። `S0` በማንም ሕግ ቀኝ በኩል እንዳይገባ።

የማንንም ኮድ ከመቀበላችሁ በፊት ከላይ ያለውን ግራመር ስጡት። የሚቀበላቸው ዓረፍተ ነገሮች በትክክል 16 ናቸው፣ `v`ን ጨምሮ። 15 ከሆነ ወይም 17 ከሆነ መልሱለት። በሕጎቹ ብዛት ደግሞ በየትኛው መንገድ እንደሄደ ታውቃላችሁ። ዝግጁ ነገር ለሚፈልግ፣ በፓይተን NLTK ውስጥ `chomsky_normal_form` የሚባል አለ። እሱም መክፈሉን ከዩኒት ያስቀድማል፣ ነገር ግን ኤፕሲሎን ሕግ ካገኘ `ValueError` ወርውሮ ይቆማል። ኤፕሲሎኑን ራሳችሁ አጥፍታችሁ መምጣት አለባችሁ። ያኔ ረጃጅሞቹን ሕጎች አስቀድማችሁ በእጅ ክፈሉ፤ ካልሆነ የመጀመሪያውን መንገድ በጓሮ በር አስገባችሁት ማለት ነው።

ታዲያ የመጀመሪያውን ማን ይግዛው? ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ። መምህሩ በዚያ ቅደም ተከተል ካስተማሩና ሕጎቹ ሦስት ርዝመት ካልዘለሉ ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ነጥብ ላይ መጨቃጨቅም አያዋጣም። ረጃጅም ሕግ ካላችሁ ግን፣ በተለይ ብዙ ነገር የሚቀርበት እንደ አማርኛ ያለ ቋንቋ ከያዛችሁ፣ አይሞከርም።

የትንተናውን ዛፍ መልሶ ማውጣት ለሚፈልግ ደግሞ ሁለቱም አያስደስቱም። `X1` እና `X2`ን ስታዩ መልሶ መገጣጠም ቀላል ነው፣ ስማቸውን ለይታችሁ ምልክት ካደረጋችሁ። `S -> v` ውስጥ የተዋጠውን `V` ማግኘት ግን ዩኒት ስታጠፉ የሄዳችሁበትን መንገድ ካልመዘገባችሁ አይቻልም። ለዚህ ሰው የምመክረው መክፈሉን ብቻ ሠርቶ ኤፕሲሎንና ዩኒትን እንዳሉ መተው ነው። ሲዋይኬን ትንሽ አስተካክሎ፣ በሰንጠረዡ እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በዩኒት የሚደረስባቸውን መጨመር ይበቃል፤ ኤፕሲሎኑም ባዶ መሆን ከሚችሉት ዝርዝር ጋር እዚያው ይስተናገዳል። ላንገ እና ላይስም ይህንኑ መንገድ አቅርበዋል። ግራመሩ ከመነሻው መጠን ብዙም አይርቅም፤ በእኛው ምሳሌ ተከፍሎ 13 ሕግ ላይ ይቆማል፣ ዛፉም ሳይነካ ይቀራል።